ባሕር ላይ ወሰን እንዴት ይሰመራል? የሶማሊያና የኬንያ ክርክር እንደ ማሳያ



ኦክቶበር 12 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ዘ ሄግ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ሶማሊያንና ኬንያን በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የሚለየውን ወሰን ወሰነ። ሶማሊያ ክሱን ካቀረበች ሰባት ዓመት አልፎ ነበር። ኬንያ በዚያው ዓመት በማርች ወር በተደረገው የቃል ክርክር ላይ አልቀረበችም፤ ፍርዱም ሲነገር አልቀበለውም አለች። ዛሬ ይህን ፍርድ ከመነሻው እስከ መድረሻው አብረን እንከተለዋለን። ዳኞቹ በየእርምጃው ምን እንደ ለኩ፣ ምን እንደ ተዉ፣ የቱ በስሌት የቱ ደግሞ በዳኛ ሚዛን እንደ ተወሰነ ለይታችሁ እንድታዩ እፈልጋለሁ። ይህን የምመርጠው ጉዳዩ የጎረቤቶቻችን ስለሆነ ብቻ አይደለም። ፍርዱ የዛሬውን የአሠራር ደረጃዎች በሙሉ ያሳያል፤ ከዚያም በላይ አሠራሩ የሚደክምበትን ቦታ ያሳያል።

በመጀመሪያ የሁለቱን ወገኖች ጥያቄ እንያዝ። በዚያ አካባቢ የአፍሪካ ዳርቻ ከደቡብ ምዕራብ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያዘነብላል። ስለዚህ ከዳርቻው ቆሞ ፊቱን ወደ ውቅያኖስ ያዞረ ሰው የሚያየው ደቡብ ምሥራቅን ነው። ሶማሊያ ወሰኑ ከሁለቱም ዳርቻ እኩል እየራቀ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይሂድ አለች። ኬንያ ግን ወሰኑ ከመሬቱ ድንበር ጫፍ ተነሥቶ የኬክሮስ መስመርን ተከትሎ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ይሂድ አለች፤ መስመሩ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ 1 ዲግሪ ከ39 ደቂቃ ግድም ላይ ያልፋል። በካርታ ላይ ሁለቱን ብታሰምሯቸው በመካከላቸው ከዳርቻው በራቀ ቁጥር የሚሰፋ ትልቅ ሦስት ማዕዘን ታገኛላችሁ። ክርክሩ የዚያ ሦስት ማዕዘን ክርክር ነው።

ሕጉ ምን ይላል? እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ለባሕሩ ክፍሎች የተለያየ አነጋገር አለው። እስከ 12 የባሕር ማይል ድረስ ላለው የግዛት ባሕር አንቀጽ 15 መንገዱን ራሱን ይነግረናል፤ ስምምነት ከሌለ፣ ታሪካዊ መብት ወይም ሌላ ልዩ ሁኔታ ካላስገደደ በቀር አንዱ አገር ከእኩል ርቀት መስመር አያልፍም። ከዚያ ወዲያ እስከ 200 የባሕር ማይል ለሚዘልቀው ልዩ የኢኮኖሚ ቀጠናና ለባሕሩ ወለል ግን አንቀጽ 74 እና 83 የሚነግሩን ግቡን ብቻ ነው፤ ፍትሐዊ ውጤት ላይ ድረሱ ይላሉ። እንዴት እንደሚደረስ አይናገሩም። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር መሆኑን ያዙ፤ ከዚህ በኋላ ማይል ስል የባሕሩን ማይል ማለቴ ነው።

ያንን ክፍተት የሞሉት ዳኞች ናቸው። ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 በሰሜን ባሕር ክርክር ነው። ዴንማርክና ኔዘርላንድ በጀርመን ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው ያለው የጀርመን ዳርቻ ወደ ውስጥ የገባ ጎድጓዳ ነው። ከጎድጓዳ ዳርቻ ሁለት ጫፎች የሚነሡ የእኩል ርቀት መስመሮች ወደ ባሕር በገቡ ቁጥር እየተቀራረቡ ሄደው ይገናኛሉ። ስለዚህ መካከል ያለችው ጀርመን ሰፊ ዳርቻ እያላት ከፊቷ ያለው ባሕር ተቆርጦ ቀረባት። ፍርድ ቤቱ እኩል ርቀት በሁሉም ላይ የሚጸና ግዴታ አይደለም ሲል ወሰነ። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል ፍርዶቹ አንዳንዴ ከእኩል ርቀት፣ አንዳንዴ ከሌላ ዘዴ እየተነሡ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፍርድ ቤቱ የሩማኒያንና የዩክሬንን የጥቁር ባሕር ወሰን ሲያሰምር አሠራሩን በሦስት ደረጃ አጠራቅሞ አስቀመጠው፦ መጀመሪያ ጊዜያዊ የእኩል ርቀት መስመር ይሰመራል፤ ቀጥሎ መስመሩን ማስተካከል የሚጠይቅ አግባብነት ያለው ሁኔታ መኖሩ ይመረመራል፤ በመጨረሻም ውጤቱ ከዳርቻዎቹ ርዝመት ጋር ሲነጻጸር ጎልቶ የሚታይ መዛባት እንደሌለው ይፈተሻል።

ሆኖም ወደ ሦስቱ ደረጃዎች ከመግባታችን በፊት ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ጥያቄ አለ። ወሰኑ በስምምነት ቀድሞ ተወስኖ ይሆን? ኬንያ የተከራከረችው በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 እና በ2005 በአዋጅ የኬክሮሱን መስመር አሳውቄያለሁ፣ ሶማሊያም ሳትቃወም ዝም ብላለች፣ ዝምታዋም መስማማት ነው አለች። ዝምታ እንደ ስምምነት የሚቆጠርበት ጊዜ አለ፤ ነገር ግን ዝም ያለው አገር መናገር ይገባው እንደነበር ግልጽና የማያሻማ ማስረጃ ይጠይቃል። ፍርድ ቤቱ የኬንያን ሕጎችና ደብዳቤዎች ሲመረምር ኬንያ ራሷ በየጊዜው ወሰኑ ገና ድርድር እንደሚጠብቅ የሚያመለክት ነገር ስትጽፍ አገኛት። ሶማሊያም ከ1991 እስከ 2005 በእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት በሚገባ የሚሠራ መንግሥት እንዳልነበራት ከግምት አስገባ። ስለዚህ የተስማሙበት ወሰን የለም ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ከዚህ በኋላ ነው ወደ ካርታው የተሄደው።

መስመር ከየት ይጀምራል? ከመሬቱ ድንበር ጫፍ። የሁለቱ አገሮች የመሬት ድንበር የተተከለው በቅኝ ግዛት ዘመን ጣሊያንና ብሪታንያ ሲካለሉ ነው፤ ወደ ባሕሩ የመጨረሻው ዋና ምልክት ቁጥር 29 ይባላል፤ የቆመውም ዳሬሰላም በምትባል በራስ ካምቦኒ አጠገብ ባለች ቦታ ነው። ከታንዛኒያዋ ከተማ ጋር አታደናግሩት። ከዚያ ምልክት ውኃው ሸሽቶ በሚታየው ዳርቻ እስከሚገኝ ነጥብ ድረስ፣ ለዳርቻው አጠቃላይ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ የቆመ አጭር መስመር ተሰመረ። የባሕሩ ወሰን መነሻ እዚያ ሆነ። ባሕሩን የሚያስገኘው መሬቱ ነው የሚለው መርሕ በተግባር ይኸው ነው፤ ዳርቻ ያለው ብቻ ነው ከባሕር ድርሻ የሚለካለት። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1993 ወዲህ ዳርቻ ስለሌላት በየትኛውም ባሕር ላይ የሚሰመርላት ወሰን የለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ደረጃ እንግባ። የእኩል ርቀት መስመር ማለት በላዩ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ ከሁለቱ አገሮች ቅርብ ዳርቻ እኩል የሚርቅበት መስመር ነው። ሥራው የሚጀምረው በየዳርቻው ላይ መሠረት ነጥቦችን በመምረጥ ነው፤ ወደ ባሕር ወጣ ወጣ ያሉ የመሬት አፍንጫዎች ናቸው የሚመረጡት። ወደ ባሕር እየገባችሁ ስትሄዱ ቅርቡ ነጥብ ይለወጣል፤ ከአንዱ አገር በኩል አዲስ አፍንጫ ቅርብ ሲሆን መስመሩ እዚያው ላይ አቅጣጫውን በመጠኑ ያጥፋል። ለዚህ ነው የእኩል ርቀት መስመር አብዛኛውን ጊዜ የተሰባበረ ሆኖ የሚታየው። ነጥቦቹ አንዴ ከተመረጡ ቀሪው ንጹሕ ስሌት ነው፤ ሁለት ባለሙያ በተለያየ ክፍል ቢቀመጡ አንድ መስመር ይዘው ይወጣሉ። ክርክሩ ሁሉ ያለው ከዚያ በፊት፣ የትኛው ነጥብ ይቆጠር በሚለው ላይ ነው።

ይህ ለምን ከባድ ጥያቄ እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ፤ ወረቀት ያላችሁ ተከተሉኝ። ፍጹም ቀጥ ያለ ዳርቻ አስቡ። ግራው የአገር ሀ፣ ቀኙ የአገር ለ ነው። ምንም ደሴት ከሌለ የእኩል ርቀት መስመር ከድንበሩ ጫፍ ተነሥቶ ለዳርቻው ቀጥ ብሎ ወደ ባሕር ይሄዳል። አሁን ለአገር ሀ አንዲት የድንጋይ ደሴት እንስጥ፤ ከድንበሩ 3 ማይል ወደ ግራ፣ ከዳርቻው 2 ማይል ወደ ባሕር የገባች ትሁን። መስመሩ እስከ 3.25 ማይል ድረስ እንደ ድሮው ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ግን ደሴቲቱ ከአገር ሀ ዳርቻ ይልቅ ቅርብ ስለምትሆን መስመሩን ወደ አገር ለ ትገፋዋለች። ከዳርቻው ያለውን ርቀት d፣ መስመሩ ወደ ቀኝ የተገፋበትን ልክ x ብንል፣ ከደሴቲቱ ያለው ርቀት ከአገር ለ ዳርቻ ካለው ርቀት ጋር እኩል እንዲሆን የሚከተለው ይወጣል፦

x = 2√(d − 1) − 3

በ12 ማይል ላይ ግፊቱ 3.6 ማይል ነው። በ100 ማይል ላይ 17 ማይል ያህል ይሆናል፤ በ200 ማይል ላይ 25 ማይል። ለማረጋገጥ የመጨረሻውን ነጥብ ከደሴቲቱ ለኩት፦ 28.2 በጎን፣ 198 በቁመት፤ በፓይታጎራስ ስሌት 200 ይመጣል። በዚህ ግፊት አገር ለ እስከ 200 ማይል ድረስ የምታጣው ባሕር ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሰው የማይኖርባት፣ ዛፍ የማይበቅልባት ድንጋይ ይህን ያህል ባሕር ከአንዱ ነሥታ ለሌላው ሰጠች ማለት ነው። ስሌቱ ምንም ስሕተት የለበትም፤ ውጤቱ ግን ማንንም አያሳምንም።

በሶማሊያና በኬንያ ጉዳይ ላይ የቀረበው ችግር ይኸው ነው። ከራስ ካምቦኒ በስተ ደቡብ ዲዋ ዳማሻካ የሚባሉ ደረቅ፣ ጥቃቅን ደሴቶች አሉ። ፍርድ ቤቱ የግዛት ባሕሩን መስመር ሲያሰምር እነሱን አልቆጠረም፤ ስፋታቸውና በመስመሩ ላይ የሚያመጡት ተጽዕኖ አይመጣጠንም አለ። መሠረት ነጥቦቹን በሙሉ በጽኑው የዋና መሬት ዳርቻ ላይ ብቻ ተከለ። እዚህ ላይ አስተውሉ፦ የዳኛው ሚዛን የገባው በሁለተኛው ደረጃ ሳይሆን ገና በመጀመሪያው፣ ነጥብ ሲመረጥ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ደረጃ ንጹሕ ሂሳብ ነው ብሎ የሚያስተምር ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚነግራችሁ።

በቀይ ባሕርም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 የኤርትራንና የየመንን ወሰን ያሰመረው የግልግል ጉባኤ፣ በባሕሩ መካከል ለብቻቸው የቆሙትን ጀበል አል ጣይርንና የዙበይር ደሴቶችን መስመሩን እንዲገፉ አልፈቀደላቸውም። ከኤርትራ ዳርቻ ጋር ተያይዘው የሚታዩትን የዳህላክ ደሴቶች ግን የዳርቻው አካል አድርጎ ቆጠራቸው። ልዩነቱ ደሴት በመሆንና ባለመሆን ላይ አልነበረም፤ ከዳርቻው ጋር አብሮ በመቆምና ለብቻ በመነጠል ላይ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ደረጃ፦ አግባብነት ያላቸው ሁኔታዎች። መስመሩን ለማንቀሳቀስ ኬንያ ብዙ ምክንያት አቅርባ ነበር። የሽብርና የባሕር ላይ ውንብድና አደጋ አለብኝ አለች፤ ፍርድ ቤቱ ይህ የጸጥታ ሁኔታ ዘላቂ አይደለም፣ የአንድን አካባቢ የዛሬ ችግር ለዘለዓለም በሚቆም ወሰን ላይ አናሰፍርም ሲል መለሰ። ዓሣ አስጋሪዎቼ ይጎዳሉ አለች፤ ፍርድ ቤቱ ለነዋሪው ኑሮ ከባድ ጥፋት እንደሚመጣ የሚያሳይ ማስረጃ አላየም። ለነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ የሰጠችባቸው ክልሎችም ወሰኑን አልለወጡትም። ከዚህ የምትይዙት፦ በአብዛኛው መስመሩን የሚያንቀሳቅሰው የዳርቻው ቅርፅ ነው። ሀብቱና ፖለቲካው እምብዛም አያንቀሳቅሱትም።

አንድ የቅርፅ ክርክር ግን ቀረ። ይህ ክፍል ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው። የሶማሊያና የኬንያ ዳርቻ ለብቻው ሲታይ ጎድጓዳነቱ ይህን ያህል አይታይም። ኬንያ ግን ካርታውን አስፉልኝ አለች፤ ከእኔ በስተ ደቡብ ታንዛኒያ አለች፣ ከፊቷም የፔምባ ደሴት ወጥታለች አለች። ሦስቱን አገሮች አንድ ላይ ስታዩ ኬንያ በጎድጓዳው መካከል ትቀመጣለች። በሰሜን ከሶማሊያ የሚመጣው የእኩል ርቀት መስመር ወደ ደቡብ ምሥራቅ ያዘነብላል፤ ከታንዛኒያ ጋር ያለው ወሰን ደግሞ በስምምነት የኬክሮስ መስመርን ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ሁለቱ በተቀራረቡ ቁጥር የኬንያ ባሕር እየጠበበ ይሄዳል።

ፍርድ ቤቱ ይህን ክርክር ተቀበለ። መቆረጡ በሌሎች ጉዳዮች ከታየው ያነሰ ቢሆንም ማስተካከያ ለመጠየቅ በቂ ነው አለ። ስለዚህ ከ12 ማይል ጀምሮ መስመሩ ወደ ሰሜን ተገፋ፤ ከዚያ ተነሥቶ በ114 ዲግሪ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ተደረገ። 90 ዲግሪ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ነው፤ 180 ወደ ደቡብ። 114 ማለት ከኬንያ ጥያቄ 24 ዲግሪ ወደ ደቡብ የዞረ፣ ከሶማሊያ ጥያቄ ደግሞ ወደ ሰሜን የተሳበ መስመር ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥያቄ አለኝ። የመጀመሪያው፦ ኬንያና ታንዛኒያ በራሳቸው ፈቃድ የተስማሙበት ወሰን ለሶማሊያ ምኗ ነው? ፍርድ ቤቱ ራሱ የሁለት አገሮች ስምምነት ሦስተኛዋን አያስርም ብሏል፤ ሆኖም የዳርቻውን አጠቃላይ ቅርፅ ለማየት ታንዛኒያን ወደ ሥዕሉ አስገብቷል። ሁለተኛው ጥያቄ የበለጠ ይከብደኛል፦ ለምን 114? ለምን 112 ወይም 118 አልሆነም? ፍርዱን ስታነቡ ምክንያቱ በቁጥር አይገኝም፤ መቆረጡን በተመጣጠነ መንገድ ያቃልላል የሚል ነው ያለው። በዚያ ርቀት አንድ ዲግሪ ብትዞሩ በ200 ማይል ላይ ጫፉ ከ3 ማይል በላይ ይንቀሳቀሳል። ፍርድ ቤቱ ማስተካከያ ማድረጉን አልቃወምም፤ ልኩን ያገኘበትን መንገድ ግን ማሳየት ነበረበት። ከዳኞቹ መካከል በዚህ የመስመሩ ክፍል ላይ 10 ደግፈው 4 ተቃውመዋል።

ሦስተኛው ደረጃ ፍተሻ ነው። ፍርድ ቤቱ ባሕራቸው የሚደራረበውን ዳርቻዎች ለካ፦ የሶማሊያው 733፣ የኬንያው 511 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ። ንጽጽሩ 1 ለ 1.43 ነው፤ ለሶማሊያ ያደላል። የሚከፋፈለው ባሕር 212,844 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በተስተካከለው መስመር 120,455ቱ ለኬንያ፣ 92,389ኙ ለሶማሊያ ደረሰ። ንጽጽሩ 1 ለ 1.30 ሆኖ ለኬንያ ያደላል። ተማሪዎች እዚህ ሲደርሱ ይደነግጣሉ፤ ረዥም ዳርቻ ያላት ያነሰ ባሕር አገኘች፣ ይህ እንዴት መዛባት አይባልም ይላሉ። መልሱ ይህ ፍተሻ ባሕሩን በዳርቻ ልክ ለማካፈል የተዘጋጀ አለመሆኑ ነው። የሚፈልገው ለዓይን የሚከብድ፣ ጎልቶ የወጣ መዛባት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሊቢያና ማልታ ሲዳኙ የዳርቻዎቹ ርዝመት ንጽጽር 8 ለ 1 ነበር፤ ያን ጊዜ የርዝመቱ ልዩነት ራሱ መስመሩን አንቀሳቅሶታል። በሶማሊያና በኬንያ ላይ ግን ፍርድ ቤቱ ጎልቶ የወጣ መዛባት አላገኘም። የእኔ አስተያየት ይህ ፍተሻ በጣም ልል ነው የሚል ነው፤ ጥቂት የማይባሉ ፍርዶችን አይቼ በዚህ ደረጃ የወደቀ መስመር አላገኘሁም።

ከ200 ማይል ወዲያ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። ሁለቱም አገሮች ከዚያ ርቆ በሚሄደው የባሕር ወለል ላይ መብት አለን ብለው ለተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ማመልከቻ አስገብተዋል። ፍርድ ቤቱ ያንኑ መስመር በዚያው አቅጣጫ አስቀጠለው፤ በዚህ ላይ ዳኞቹ 9 ለ 5 ተከፍለዋል። በመስመሩ በኬንያ በኩል ሆኖ፣ ከኬንያ ከ200 ማይል የራቀ፣ ከሶማሊያ ግን ከ200 ማይል ያልራቀ ትንሽ ቦታ ሊኖር ይችላል። እዚያ ወለሉ የአንዱ፣ ከላዩ ያለው ውኃ ደግሞ የሌላው ሊሆን ይችላል። ፍርድ ቤቱ የዚያን ቦታ ጉዳይ ሳይወስን ተወው።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ ፍርዱን ስታነቡ ከማንበባችሁ በፊት ካርታውን ዘርጉ። ሁለቱን ዳርቻ ራሳችሁ ተመልከቱ፤ መሠረት ነጥቦቹን ራሳችሁ ምረጡ፤ በኮምፓስና በማስመሪያ መስመሩን አስምሩት። ከዚያ የፍርድ ቤቱን መስመር ከጎኑ አስቀምጡ። ሁለቱ በሚለያዩበት ቦታ ሁሉ የዳኞቹን ምክንያት ከፍርዱ ውስጥ ፈልጉ፤ ካጣችሁትም ጥያቄያችሁን ጽፋችሁ ለቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ይዛችሁ ኑ።